ሰው ነህ ማሽን?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ።

ሥራዬ በቻት ደንበኛ ማስተናገድ ነው። ቦቱ ያልቻለው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው አንዱ ገና ሰላም ሳይለኝ «ሰው ነህ ማሽን?» አለኝ። ሴት ነኝ፣ ግን «ነህ» የሚለውን አላረምኩም። ሲቆይ ራሱ ይደርስበታል ብዬ ነው።

ሦስት ቻት በአንድ ጊዜ ከፍቼ ስለነበር እጄ ሳላስበው ዝግጁ መልሱን ተጫነች። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን፣ ምን እንርዳዎ?» በቃ፣ አበላሸሁት። እሱ መልሶ «አውቄዋለሁ፣ ማሽን ነህ» አለ። ምን ይፈረድበታል? ከቦቱ ጋር ያወራውን ወደ ላይ ሄጄ ሳነብ፣ አንድ ችግር ሦስት ጊዜ ጽፏል። ሦስቴም ያገኘው ያው መልስ ነው።

ያኔ ነው ጥያቄው የገባኝ። ሰውየው ስለ ማንነቴ ግድ የለውም። «አራተኛ ጊዜ ልጽፍ ነው?» እያለኝ ነው።

«ሰው ነኝ» ብቻ ማለት አይበቃም፤ ቦትም ሊጽፈው ይችላል። ቀልድም አያዋጣም፣ የተናደደ ሰው ላይ ቤንዚን ነው። ሆን ብሎ ፊደል መሳሳትማ የቆየ ዘዴ ነው። እንግሊዛዊው የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ፣ ማሽን ሰው መስሎ መመለስ ይችላል ወይ ብሎ በጠየቀበት በ1950 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፉ ላይ፣ ማሽኑን 34957 እና 70764 ደምር ይለዋል። 30 ሰከንድ ያህል ቆይቶ 105621 ይላል። ደምሩት፣ 105721 ነው የሚመጣው። መዘግየትና መሳሳት ያኔም የማሽን ጨዋታ ነበር።

እኔ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሰው ነኝ። ከላይ የጻፉትን አሁን አነበብኩ፣ እንደገና መጻፍ አያስፈልግዎትም። አንድ ዕቃ አዘው ሁለቴ ከፍለዋል፣ ሁለተኛው ክፍያ ከመጀመሪያው 4 ደቂቃ ቆይቶ ነው የገባው። የሁለተኛው እንዲመለስ አሁን እጠይቃለሁ። የሚፈቅደው ሌላ ክፍል ስለሆነ ዛሬ ይገባል ብዬ ቃል አልገባም።»

አያችሁ፣ 4 ደቂቃዋን እሱ አልነገረኝም። ሂሳቡን ከፍቼ ነው ያየኋት። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለቃዬ ባይወዳትም ለማውጣት አልፈለግኩም።

«እሺ። የቱን ነው የምትመልሱት?» አለ። ስለ ማሽን ደግሞ አላነሳም።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። አንዳንድ ቀን ሲስተሙ ራሱ መልስ አዘጋጅቶ ያቀርብልኛል። አንብቤ «ላክ» ብቻ ነው የምለው። በዚያ መሃል ሰው ነሽ ወይ ብባል «አዎ» እላለሁ፣ ውሸት አይደለም። ግን ቃሉ የእኔ አይደለም። ስለዚህ አሁን ያ ጥያቄ ሲመጣ የቀረበልኝን አጠፋና ከባዶ እጽፋለሁ። ጊዜ ይፈጃል፣ ሌሎቹ ሁለት ቻቶች ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዱ ደግሞ መጠበቅ ሲሰለቸው ምን ብሎ እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ።