96 ያልደረሰው ውሃ

እሺ... ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። የእሁዱ ነገር ግን አልለቀቀኝም።

አንገተ ቀጭኗን ማንቆርቆሪያዬን ታውቋታላችሁ፤ ስም ያወጣችሁላትም እናንተው ናችሁ። እሁድ ጠዋት እማዬ መጣች። ሐይቁ የሚታይበት በረንዳ ላይ ቁጭ አልን። 15 ግራም ቡና ፈጨሁ፣ ማጣሪያ ወረቀት ውስጥ ጨምሬ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ ማንቆርቆሪያዋን 96 ዲግሪ ላይ አድርጌ ሰካሁ። 90 አለች፣ 92፣ 94። ከዚያ ቆመች። ውሃው ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፣ እኔ ቁጥሩ ላይ አፍጥጫለሁ።

«ልጄ፣ ፈልቷል እኮ።»

«ቆይ እማዬ፣ 96 አልደረሰም።»

ትንሽ ቆይታ ደገመችልኝ። «ፈልቷል።»

«እማዬ፣ ተዪው! ማሽኑ ያውቃል።»

ድምፄ... እንደዚያ አልነበረም መውጣት የነበረበት። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሐይቁ ዞረች።

ልክ ነበረች እኮ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየ300 ሜትሩ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይወርዳል። እዚህ 94 አካባቢ ላይ ፈላ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ብጠብቅ ተኖ ያልቃል እንጂ 96 አይገባም።

ከዚያ ደግሞ መብራት ጠፋ። እማዬ ለጀበናዋ ከሰል አያይዛ ነበር፤ እሱ ላይ የተጣደውን የተለመደውን ማንቆርቆሪያ አንስቼ ቀዳሁ። አፉ ሰፊ ነው። ቀስ ስል ውሃው በአፉ ሥር ተንጠባጥቦ ሚዛኑን አራሰው። ትንሽ ዘንበል ሳደርገው ዷ! አለ። መካከለኛ የለውም። ቡናው መሐል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ከላይ ወረቀቱ ላይ ደረቅ ዱቄት ተለጥፎ ቀረ። 250 ግራም ውሃ በጉድጓዷ አድርጎ በ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ወረደ። ሌላ ጊዜ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ቀመስኩት፤ ይኮመጥጣል፣ ደግሞ ውሃ ውሃ ይላል።

የኔዋ አንገቷ ከታች፣ ከሆዷ ነው የሚነሳው። ቀጭን ስለሆነ እጄ ቢንቀጠቀጥም ውሃው እንደ ክር ነው። መጀመሪያ 45 ግራም ውሃ፤ ቡናው እስኪነፋ 40 ሴኮንድ ያህል እጠብቃለሁ። ከዚያ እያዞርኩ፣ በሴኮንድ 5 ግራም ገደማ። ማንቆርቆር ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ቃሉ ራሱ ይናገራል።

የከሰሉን ውሃ ወደሷ መገልበጥ ይቻል ነበር። ግን መጀመሪያ በፈላ ውሃ አለቅልቆ ማሞቅ ነው፤ ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይሰርቃል። እኛ ደግሞ ከ94 ነው የምንነሳው፤ የሚባክን ዲግሪ የለንም።

እማዬ ያንን ቡና ጠጣችው። «ጥሩ ነው» አለች። ግማሹን ተወችው።

ትናንት ስለ 94ቱ ልነግራት ደወልኩ። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ጎረቤቷ ሰርግ... አልነገርኳትም። ረስታው ከሆነስ? ካልረሳችው ደግሞ... እሷ እንደሆነ አትለኝም። እሁድ ትመጣለች። ምናልባት ውሃው ሲንተከተክ እኔው ቀድሜ... እንጃ።