ርዕሱ «ርክክብ» ይላል

እሺ፣ ሰላም ነው፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ የጎረቤቴ ጄኔሬተር ዝም ብሏል፣ ስለዚህ እንደ ባለፈው «ድምፁን ጨምሪው» እያላችሁ አትጽፉልኝም። ስለ ቤት ኪራይ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር አይደል፣ እሱ ይቆይ። የማናጀሬን ኢሜል ሳላወራ ሌላ ነገር ማውራት አልቻልኩም።

አዎ እሷው ናት፣ ሁሌ የምነግራችሁ፣ ጠዋት ቡና ሳይጠጣ ስብሰባ አይጠራም የምትለው።

አርብ ነው፣ አስር ሰዓት አካባቢ፣ ሰው ቻርጀሩን እየጠቀለለ። ኢሜል ገባ፣ ርዕሱ «ርክክብ»። እኔ የሳምንቱ ሪፖርት መስሎኛል፣ አርብ አርብ ማን ምን ላይ እንደደረሰ ጽፋ ትልክልን ነበርና። ስከፍተው የመጀመሪያው መስመር፣ «ዛሬ ከሥራ ተቀንሻለሁ። ወጪ ለመቀነስ በተደረገው ዙር ውስጥ ነኝ። በፈቃዴ አልለቀቅኩም፣ ሌላ ነገር ከሰማችሁ ይሄኛውን ያዙ።» በቃ። ውድ ባልደረቦቼ የለ፣ በከባድ ሀዘን የለ። ወዲያው ወደ ሥራ ነው የገባችው፣ የአዳማው ደንበኛ ሁለተኛ ክፍያ እንዳልገባ፣ ደብዳቤው በማን እጅ እንዳለ፣ እስከ መቼ ካልከፈለ ማን መደወል እንዳለበት። የእያንዳንዳችንን የስድስት ወር ግምገማ ፈርማ ጨርሳዋለች፣ አዲስ የሚመጣው ሰው እኛን ሳያውቀን ነጥብ እንዳይሰጠን።

ከዛ አንድ መስመር አለ፣ እሱ ነው አልወጣ ያለኝ። ነፍሰ ጡሯ ልጅ አለች አይደል፣ ነግሬያችኋለሁ፣ ሰባተኛ ወሯ ውስጥ ናት። «የወሊድ ፈቃድሽ ተፈርሟል፣ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ። ስካኑ የጋራ ፎልደራችን ውስጥ አለ፣ ኮፒውን ዛሬውኑ ወደ ስልክሽ አውርጂ።» ዛሬውኑ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ቀና ስል ልጅቷ ስልኳን ይዛ እያወረደች ነው፣ እንባዋም እየወረደ ነው፣ ማናችንም ምንም አላልንም። እኔ እንኳን፣ ስንት ሰዓት ብቻዬን ማውራት የማይቸግረኝ ሰው፣ አፌ ተያዘ።

እስቲ አስቡት። ያን ቀን ጠዋት ነው የተነገራት። ኢሜሏ እስከሚዘጋ ምን ያህል ሰዓት እንደሰጧት አናውቅም፣ ግን ብዙ አይደለም፣ ምክንያቱም አንዱ ልጃችን አንብቦ ወዲያው «እናመሰግናለን» ብሎ ሲመልስ Address not found የሚል ነገር መጣበት። ተዘግቷል። ያ ሁሉ ሰው የጻፈው መልስ አንድ በአንድ ተመለሰ። የግል ኢሜሏን መጨረሻ ላይ ባታስቀምጥልን ኖሮ ያው መልሳችን በዛው ቀርቶ ነበር።

ቆይ፣ አንድ አንቀጽ ዘለልኩ፣ ትልቁን። ወደ ታች ላይ «ከኔ በኋላ ሌላ ዙር ሊኖር ይችላል» ትልና አዋጁን ትጠራለች፣ 1156/2011፣ የአሠሪና ሠራተኛው። ተቀንሰሃል ከተባልክ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለህ። ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ ነው፣ ከዛ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት የዛ ሲሶ ይጨመራል። ቅነሳ ከሆነ ደግሞ በዛ ላይ የ60 ቀን ደሞዝ። ሂሳቡን ራሷ ሰርታ አስቀምጣለች፣ 18 ሺህ የሚከፈለውና አራት ዓመት የሠራ ሰው ላይ፦ 18 ሺህ፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት በ6 ሺህ 18 ሺህ፣ ድምሩ 36 ሺህ፣ የ60 ቀኑ ሌላ 36 ሺህ፣ በጠቅላላ 72 ሺህ ብር። ያልወሰድከው የዓመት ፈቃድ ለብቻው ይታሰባል። ከዛ በታች፣ በወፍራሙ፣ «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ የሚል ወረቀት አምጥተው ፈርም ቢሉህ ይሄን ሂሳብ ሳትሠራ አትፈርም።»

አራት ዓመት የሠራው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስሙን አልጻፈችም። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

እና ሰኞ ከሰው ኃይል ሌላ ኢሜል መጣ። «ሌላ የሙያ ዕድል ለመከተል በራሷ ፍላጎት ከእኛ ጋር ያላትን ቆይታ አጠናቃለች፣ መልካሙን ሁሉ እንመኝላታለን።» እኔ ደሜ ፈላ፣ እውነቴን ነው፣ አሁንም ስናገር እየፈላ ነው። ሁለቱን ኢሜሎች ጎን ለጎን ከፍቼ ነው ያየኋቸው። አርብ የተላከው «ሌላ ነገር ከሰማችሁ ይሄኛውን ያዙ» ሲል ምን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን እኔም ያወቅኩት ከዛ በኋላ የአጎቴን ልጅ ጠይቄ ነው፣ ጠበቃ ነው። ያ የጻፈችልን አዋጅ እሷን አይሸፍናትም። «የሥራ መሪ» የሚባል ነገር አለ፣ ሰው የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ሥልጣን ያለው ሰው ከአዋጁ ውጪ ነው። እሷ ያላት የራሷ የቅጥር ውልና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ ውሏ ላይ ስለ ስንብት ካልተጻፈ ያ የ60 ቀን ምናምን ለሷ አይሠራም። ማለት የኛን 72 ሺህ ቁጭ ብላ ስታሰላ የሷ ምን እንደሆነ አንድ ቃል የለም። አውቃ ነው? አላውቅም፣ ሰው እኮ ደንግጦም ለራሱ ማሰብ ይረሳል። ግን እሷ ትረሳለች ብዬ አላስብም፣ ወረቀት ሳታነብ የምትፈርም ሰው አይደለችም።

ድርጅቱንም ልወቅስ ስል ደግሞ... ማለቴ ምክንያቱ ፈጠራ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይወሰን ተብሎ፣ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ እኛ ዕቃም ሶፍትዌርም በዶላር እየገዛን በብር የምንሸጥ ሰዎች ነን። የቆየ ውል ያለው ደንበኛ ዋጋ ጨምር ስትለው አይሰማህም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እሱ ይገባኛል። የማይገባኝ ሰኞ የመጣው ኢሜል ነው። ገንዘብ የለንም ብሎ መጻፍ ስንት ያስከፍላል?

አሁን የሚወራው ደግሞ፣ ወሬ ነው እንግዲህ፣ እኔም በወሬነቱ ነው የምነግራችሁ፣ ከኛ ቲም ሰው ቀንሺ፣ ስም አምጪ ተብላ ነበር ይባላል። እና አላመጣችም። የአንድ ማናጀር ደሞዝ ከኛ የሁለቱን ሦስቱን ያህላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ይሞላል። እውነት ከሆነ እኛ እዚህ የተቀመጥነው... አላውቅም። አንዱ ልጅ «እንደዛ አታስቡ፣ የትም ቢሆን መጀመሪያ የሚቆረጠው ትልቁ ደሞዝ ነው» አለ፣ እሱም ትክክል ሊሆን ይችላል። ደውዬላት ነበር፣ አንስታለች፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት ቤት አወራን፣ የነፍሰ ጡሯን ልጅ ጤና ጠየቀችኝ፣ ስለ ስሙ ጉዳይ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አዎ ብትለኝስ ምን እላታለሁ?

በሷ ቦታ አስተባባሪ ይመደባል ተብሏል፣ ማናጀር አይደለም፣ አስተባባሪ፣ ደሞዙም በዛው ልክ ነው መሰለኝ። የአዳማው ደንበኛ እስካሁን አልከፈለም። ደዋዩ ደግሞ እኔ ነኝ፣ በሷ ርክክብ ላይ ስሜ ነው ያለው፣ እና ነገ ጠዋት ስደውል «እሷስ የት ሄደች» ማለቱ አይቀርም፣ ሁልጊዜ ከሷ ጋር ነበር የሚያወራው፣ እና እኔ የትኛውን... የአርቡን ነው እንጂ፣ የአርቡን ነው የምነግረው፣ ግን ድርጅቱን ወክዬ እየደወልኩ እንደዛ ማለት ደግሞ... እንጃ፣ እስቲ