ከአንድ ሎጎ አምስት ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፣ ከሐዋሳ ነው የምናገረው። ዛሬ የማወራው ሎጎ ኖሯቸው ወረቀታቸው ግን ስለማይመሳሰል ድርጅቶች ነው። ፕሮፎርማው አረንጓዴ፣ ደብዳቤው ሰማያዊ፣ ሪፖርቱ ውስጥ ያለው ግራፍ ደግሞ ኤክሴል በራሱ የሰጠው ቀለም ይሆናል። ለዚህ አዲስ ሎጎ ማሠራት አያስፈልግም። ያለው ሎጎ ይበቃል፣ ከእሱ ጥቂት ቀለም ማውጣትና ለእያንዳንዱ ሥራ መስጠት ነው።

ምሳሌ እንያዝ። ሐይቁ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ እንበል፤ ሎጎው ሰማያዊ ማዕበልና ብርቱካናማ ፀሐይ አለው። መጀመሪያ የቀለሞቹን ትክክለኛ ኮድ ማግኘት አለብን። ዲዛይነሩ የሠራበት ዋናው ፋይል ካለ ከዚያ ይወሰድ፣ ከሌለ ከፒኤንጂ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ግን ስለሚጨመቅ፣ ለዓይን አንድ የሚመስለው ሰማያዊ ውስጡ ብዙ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ እንደ ፋይል ይላክላችሁ። ፓወርፖይንት ላይ ምስሉን አስፉና Eyedropper የሚለውን መሣሪያ ቀለሙ በሞላበት መሃል ላይ አሳርፉት። ጠርዝ ላይ ካሳረፋችሁት ከነጩ ጋር የተቀላቀለ ቀለም ይዞ ይመጣል።

የእኛ ማረፊያ ሰማያዊ `#0B5C8A`፣ ብርቱካናማው `#F5A623` ሆኖ ተገኘ እንበል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም የሎጎ ቀለም ስለሆኑ ሁለቱንም ለጽሑፍ ያውላቸዋል። ለመደበኛ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር እንዲኖር ይመከራል። ይህ ሰማያዊ በነጭ ወረቀት ላይ 7.2 ለ1 ያህል ስለሚሰጥ ለርዕስ ይሆናል። ብርቱካናማው ግን 2 ለ1 ገደማ ብቻ ነው። ሎጎው ላይ ደምቆ የሚታየው ትልቅ ሆኖ ስለተሞላ ነው፤ በቀጫጭን የአማርኛ ፊደል ሲጻፍበት ግን የ«ሀ» እና የ«ሃ» ልዩነት ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ብርቱካናማው ፊደል አይሆንም። ከርዕስ ሥር የሚሰመር መስመር ይሁን፣ ወይም በግራፍ ላይ ዓይን እንዲያርፍበት የምንፈልገውን አንድ ዘንግ ይያዝ።

ቀሪዎቹን ሦስቱን ከሰማያዊው አካባቢ እናወጣለን። ለጽሑፍ እጅግ የጠቆረ ሰማያዊ፣ `#0A2E44`። ለሠንጠረዥ ራስጌ ጀርባ ከሰማያዊው አስር በመቶ ብቻ በነጭ ላይ የተቀባ ያህል የሆነ፣ `#E7EFF3`። ለግርጌና ለማብራሪያ ሰማያዊ የነካው ግራጫ፣ `#5F6B73`። አምስት ሆኑ፤ ስድስተኛ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ቀለም ሳይሆን ወፈር ያለ ፊደል ነው።

አሁን ኮዶቹን በየሰነዱ በእጅ ማስገባት የለም። ወርድ ላይ Design፣ Colors፣ ከዚያ Customize Colors ግቡ። ስድስት Accent የሚባሉ ቦታዎች ታገኛላችሁ። ስብስቡን ኤክሴል ላይም Page Layout፣ Colors ውስጥ ስትመርጡት ግራፍ ሲሠራ እነዚህን በተራ ስለሚወስድ፣ ሁለቱን ብቻ ሞልታችሁ የቀሩትን ብትተዉ የድሮዎቹ ቀለሞች በሦስተኛው ዘንግ ላይ ብቅ ይላሉ። ስድስቱንም ሙሉ። ዋናው ሰማያዊ Accent 1፣ ግራጫው Accent 2፣ ብርቱካናማው ግን Accent 6 ላይ ይቀመጥ፤ እዚያ ሲሆን ግራፉ ስድስት ቀለም ካላስፈለገው በቀር በራሱ አይመጣም፣ ሰው ሲመርጠው ነው። በመካከል ያሉትን በሰማያዊው ፈዛዛና ጥቁር ዓይነቶች ሙሏቸው። የጽሑፉን ጥቁር ሰማያዊም Dark 2 ላይ አስቀምጡት።

ይህ የቀለም ስብስብ በምርጫ ዝርዝር ውስጥ የሚገኘው በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ በእሱ ከተሠራ ሰነድ ጋር ግን አብሮ ይሄዳል። ለሒሳብ ክፍሉም ለጸሐፊዋም እንዲደርስ ባዶ ደብዳቤና ባዶ ፕሮፎርማ አዘጋጅታችሁ በቴምፕሌት መልክ ስጧቸው። አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቋቸው፦ ቀለም ሲመርጡ Theme Colors ከሚለው ክፍል ይሁን። Standard Colors ከሚለው የተመረጠ ቀለም ስብስቡ ቢቀየርም አብሮ አይቀየርም፤ ከዓመት በኋላ አንድ ሰነድ ለብቻው ቀይ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ነው።

ከማከፋፈላችሁ በፊት አንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ አትሙ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ አንሱ፤ ሰነዱ ጨረታ ላይ ወይም ባንክ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ኮፒ ሆኖ ነውና። የእኛ ሰማያዊና ብርቱካናማ አንዱ ጥቁር ሌላው ቀላል ግራጫ ሆነው ይለያሉ። ሎጎው ቀይና አረንጓዴ ቢሆን ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ግራጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ ግራፉን በቀለም ብቻ መለየት አይበቃም፣ ዘንጉ ላይ ስም ይጻፍበት። ፈዛዛው የሠንጠረዥ ጀርባ ኮፒ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ቁጥሮቹን ካደበዘዘ፣ አውጡትና በቀጭን መስመር ተኩት።

የፊርማውን ቦታም አትርሱ። ማህተማችን አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ስለሆነ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ጀርባ ወይም ሰማያዊ ጽሑፍ ካለ ክቡ ማህተም ላይ ያለው ስም አይነበብም። ከስምና ከኃላፊነት በታች ያለው ቦታ ነጭ ይሁን፣ ስሙም በጥቁሩ ቀለም ይጻፍ።