የደረትና የጀርባ ፀጉር፦ በቶንዶስ ይከርከም ወይስ ሙልጭ ይደረግ?

[ምስል፦ መስታወት ፊት የቆመ ሰው፤ የሸሚዙ የላይኛው ሁለት ቁልፍ ተከፍቷል]

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ላንጋኖ ልንሄድ ቀጠሮ ይዘን፣ አርብ ማታ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደረቴን በምላጭ ሙልጭ አደረግኩት። ፊቴን የምላጭበት ያው ምላጭ ነው። ሳሙና ለቀለቅኩ፣ ከታች ወደ ላይ ሳብኩ፣ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስቆም ደረቴ የሕፃን ጉንጭ መስሏል። እሑድ ማታ ግን ማሳከክ ጀመረ። ማክሰኞ ጠዋት ማተቤ የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያ ሠላሳ የሚሆኑ ጠንካራ እብጠቶች ወጥተው፣ ሸሚዝ በነካቸው ቁጥር ያቃጥሉኝ ነበር።

ብጉር መስሎኝ ሁለቱን አፈረጥኳቸው። በኋላ ያዩኝ የቆዳ ሐኪም፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት፣ ትንሽ መብራት አስጠግተው ተመለከቱና «ልጄ፣ ይሄ ብጉር አይደለም። የራስህ ፀጉር ነው የሚወጋህ» አሉኝ።

ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው። የደረትና የጀርባ ፀጉር ማሳጠርና ከነጭራሹ ማንሳት ለቆዳችን አንድ አይደሉም። ፀጉሩን እንዳለ መተውም ይቻላል፤ ማንም አያስገድዳችሁም። ልትነኩት ከወሰናችሁ ግን ምን አግኝታችሁ ምን እንደምትከፍሉ እንይ።

[ምስል፦ የቆዳ ቁራጭ በሥዕል፤ ከውስጥ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ፀጉር]

ከርዳዳ ፀጉር ገና ቆዳ ውስጥ ሳለ ጥምዝ ነው። የበቀለበት ቀዳዳ ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። ምላጭ ሲቆርጠው ጫፉ በሰያፍ ይቆረጥና እንደ ስንደዶ ይሾላል። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ስለት ምላጭ ደግሞ የፊተኛው ስለት ፀጉሩን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የኋለኛው ይቆርጠዋል፤ የተረፈው ከቆዳው በታች ይሰምጣል። ሙልጭ ያለ የሚመስለንም ለዚህ ነው። ከዚያ ፀጉሩ እንደገና ሲያድግ ሁለት መንገድ አለው። አንዳንዱ ገና ሳይወጣ የቀዳዳውን ግድግዳ ይበሳል። ሌላው ወጥቶ፣ ተጠምዝዞ፣ ጎኑ ያለውን ቆዳ ተመልሶ ይወጋል። ሰውነት ይህን የሚያየው እንደ ገባ እሾህ ነው፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም መግል ይቋጥራል።

ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነገሩ በዚህ አያበቃም። እብጠቱ ከሄደ በኋላ ቆዳው በቦታው ተጨማሪ ቀለም አምርቶ ጥቁር ነጥብ ይተዋል፤ ይህ ነጥብ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለሁለት ቀን ልስላሴ የወራት ነጠብጣብ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የከፋ ንግድ አላውቅም።

ቶንዶስ ለምን ይሻላል? ከቆዳው በላይ ትንሽ ፀጉር ስለሚተው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከቀረ ጫፉ ከቆዳው ውጭ ስለሆነ ተመልሶ የመግባት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ምላጭ የሚያደርሰው ጉዳት ለዓይናችን አይታየንም እንጂ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ላይ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የሚደረግበትን ቦታ በምላጭ እንዳይላጩ መክሯል። ፀጉሩ ካላስቸገረ ይተው፣ የግድ ከሆነ በቶንዶስ ይቆረጥ ነው የሚለው። ምላጭ ቆዳውን በጥቃቅኑ ስለሚጭረው ጀርም መግቢያ ያገኛል። ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ከተጠነቀቁ፣ ቤታችን በቆየ ምላጭ ምን እንደምናደርግ አስቡት።

[ምስል፦ ቶንዶስና ማስረዘሚያ ጥርሶቹ፤ ካሜራው 1 ቁጥር ላይ ይጠጋል]

አሁን ወደ አሠራሩ። ፀጉር ቤት «በዜሮ»፣ «በአንድ ቁጥር» ሲሉ የሚሰኩትን የፕላስቲክ ጥርስ ታውቁታላችሁ። በብዙዎቹ ቶንዶሶች 1 ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር፣ 2 ቁጥር 6 ሚሊ ሜትር ይተዋል። ደረት ላይ በ2 ጀምሩ። አይታችሁ ካልበቃችሁ ወደ 1 ውረዱ። ከ1 ጀምሮ ተጸጽቶ ወደ 2 መመለስ አይቻልም።

ፀጉሩ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ፀጉር ቆዳ ላይ ይለጠፍና ጥርሱ ያልፈዋል። ከመታጠብ በፊት አድርጉት፣ ቁርጥራጩን ውሃ ይወስደዋል። ቶንዶሱን ፀጉሩ ከሚተኛበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ሳትጫኑ አስኪዱት። ደረት ላይ ፀጉሩ በየአቅጣጫው ስለሚዞር እጃችሁም አብሮ ይዙር። ጡት ጫፍን በሁለት ጣት ሸፍኑ። ይህን ለመማር አንድ ጊዜ መቆረጥ አያስፈልግም፤ እኔ ተቆርጬላችኋለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዳር ላይ ነው። ደረቱን አሳጥሮ አንገቱ ሥር ሲደርስ ቀጥ ብሎ ያቆማል፤ ሸሚዝ ሲከፈት አጥር የተሠራ ይመስላል። ወደ ትከሻና ወደ ሆድ ስትጠጉ አንድ ቁጥር ጨምሩ፤ መሀሉ 1 ከሆነ ዳሩ 2 ይሁን፣ መስመሩ ይጠፋል።

የመከርከም ዕዳው ድግግሞሹ ነው። የሰውነት ፀጉር በቀን የሚያድገው ከሚሊ ሜትር ሲሶ ገደማ ነው። ስለዚህ በ3 ሚሊ ሜትር የተዋችሁት ደረት በአሥር ቀን ገደማ 6 ይሆናል። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ሩብ ሰዓት። ዋጋው በቃ ይኸው ነው። ለልስላሴ ከሆነ ግን ቶንዶስ አይሰጣችሁም፤ እጅ ሲያልፍበት ይሻክራል። ሽታን ለማጥፋት ብላችሁ ከሆነም ብዙ አትጠብቁ። የላብ ሽታ በዋናነት የሚመጣው ከብብት ነው፣ ከደረት አይደለም።

[ምስል፦ ሁለት መስታወት ይዞ ጀርባውን ለማየት የሚታገል ሰው]

ጀርባ ሌላ ጉዳይ ነው። አይታይም፣ እጅም አይደርስም። የጀርባ ቆዳ ወዝ ያበዛል፣ ያልባል፣ ቀኑን ሙሉ ወንበርና ሸሚዝ ይፈትገዋል፤ ብጉርም ይወዳል። ይህን ቦታ በምላጭ አድርጎ ቦርሳ ማንገት ማለት ትኩስ ጭረት ላይ ላብና ጫና መጨመር ነው። ጀርባን በምላጭ የምመክረው አንድም ሰው የለኝም። ቶንዶስ ሆኖ፣ የሚያግዝ ሰው ፈልጉ፤ ወንድም፣ ሚስት፣ ወይም የምታምኑት ፀጉር አስተካካይ። ፀጉር ቤት ከሆነ የቶንዶሱ ጥርስ እናንተ እያያችሁ በአልኮል ይጠረግ፤ የምትችሉ ከሆነ የራሳችሁን ቶንዶስ ይዛችሁ ሂዱ።

አስተካካዩ ማጅራታችሁ ላይ ሲደርስ «ወንድሜ፣ በምላጭ ላጽዳው?» ቢላችሁ አይሆንም በሉት። ማጅራት ላይ ከመላጨት ጋር ተያይዞ የሚመጣ፣ ጠንካራ እብጠት እየሠራ በመጨረሻ ፀጉሩን የሚያጠፋ ችግር አለ፤ ከርዳዳ ፀጉር ባላቸው ወንዶች ላይ ይበዛል።

ጀርባ ላይ ዋክስ የሚመርጡ አሉ፤ ይገባኛል። ፀጉሩን ከሥሩ ስለሚነቅል ለስላሳነቱ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ዋክስ ፀጉሩን ለመያዝ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል። ስለዚህ በሁለት ዋክስ መካከል ለሳምንታት ፀጉራችሁን ማሳደግ ግዴታ ነው። ሁልጊዜ ልሙጥ መሆን የሚባል ነገር የለም። ከርዳዳው ፀጉር ሲመለስም ያው ቆዳ ውስጥ የመቅረት አደጋ አለ። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ዋክስ አይሞክር፤ ቆዳው አብሮ ሊላጥ ይችላል።

ማርገፊያ ክሬም ፀጉሩን በኬሚካል ስለሚያሟሟው ጫፉ አይሾልም፤ በዚህ ከምላጭ ይሻላል። ግን ፀጉርንና ቆዳን የሚሠራው ያው የፕሮቲን ዓይነት ስለሆነ፣ ከተጻፈው ደቂቃ ካለፈ ያቃጥላል። ክንድ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ሳትጠብቁ ደረት ላይ አትለቅልቁ።

ሌዘር ውድ ነው፣ ግን ለረጅም ጊዜ ፀጉር የሚቀንስ መንገድ እሱ ነው። ብርሃኑ የሚፈልገው የፀጉሩን ጥቁር ቀለም ነው። ቆዳችሁም ቀለም ካለው ግን ብርሃኑ ሁለቱን መለየት አለበት። ለጠቆረ ቆዳ የሚመረጠው የብርሃን ሞገዱ ርዝመት 1064 ናኖ ሜትር የሆነው፣ ኤንዲ ያግ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጠለቅ ብሎ ስለሚገባ የላይኛውን ቆዳ ብዙም አይነካም። ክሊኒክ ስትገቡ «ማሽኑ የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ካልሆነ ውጡ። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በየወሩ ወይም ከዚያ በላይ እየተራራቀ ስድስት ሰባት ጊዜ መመላለስ አለ፤ ሌዘር የሚያጠፋው በዚያ ሰዓት በማደግ ላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ነውና። ሌላም አለ፦ ጀርባና ትከሻ ላይ አልፎ አልፎ ሌዘር ፀጉሩን ከማጥፋት ይልቅ እንዲበዛ ያደርገዋል።

[ምስል፦ ባዶ ደረት፤ ተራኪው ወደ ካሜራ ዞሮ]

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ጆሯችሁን ስትበሱ፣ ክትባት ስትወስዱ ወይም ስትቆስሉ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እያበጠ የሚያድግ ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ ካላችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ካለ፣ ምላጩንም ዋክሱንም ተዉት። የደረት መሀልና ትከሻ ኬሎይድ በጣም ከሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ትንሿ እብጠት ወደዚያ ከተለወጠች በቀላሉ አትመለስም።

ቀድሞ የተበላሸባችሁ ካለ፣ ለእኔ የታዘዘልኝ ይኸው ነበር፦ ለአንድ ወር ያህል ምንም መቁረጫ አለማስነካት፣ ማታ ማታ ሞቅ ባለ ጨርቅ መያዝ፣ ተጠምዝዞ ቀለበት የሠራ ፀጉር ከታየ ጫፉን በንጹሕ ወረንጦ ብቻ ወደ ላይ ማንሳት፣ አለመንቀል። ፀጉሩ ሲረዝም አብዛኛው ራሱ ወጣ። ያፈረጥኳቸው ሁለቱ ግን ባቄላ የሚያካክል ጥቁር ምልክት ትተው ስምንት ወር ቆዩ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደረቴን በ1፣ ዳሩን በ2 አደርጋለሁ። ጀርባዬን የሚሠራልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እስኪጨርስ ያጉረመርማል፣ ቡናውን ግን አስቀድሞ ያዛል።