ባዮዬ ላይ ምን ይግባ? ማስተማር፣ ምርምር እና ተማሪ ማማከር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ባዮ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ከመምህሩ ፎቶ አጠገብ ስለሚቀመጠው አጭር ጽሑፍ። 150 ቃል አካባቢ ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሄደ ሰው አይጨርሰውም። እዚያ ውስጥ ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ ማማከሩም መግባት አለበት።

ብዙ ሰው ሦስቱን እኩል ይከፍላቸዋል፤ አንድ አንቀጽ ለኮርስ፣ አንድ ለምርምር፣ አንድ ደግሞ “በርካታ የማስተርስ ተማሪዎችን አማክሯል” ለሚለው። እኔ በዚህ አልስማማም። ባዮውን አንብቦ ቢሮዬን የሚያንኳኳው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አድቫይዘር የሚፈልግ ተማሪ ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው ከእኔ ጋር ቢሠራ ምን እንደሚሠራ ነው።

በጣም የሚያስቸግረው የምርምር ፍላጎት የሚባለው ክፍል ነው። ሃይድሮሎጂ፣ የአየር ንብረት ለውጥ፣ መስኖ፣ የከርሰ ምድር ውኃ፣ ጂአይኤስ፣ ሪሞት ሴንሲንግ ተብሎ ይደረደራል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ መሣሪያዎች ናቸው እንጂ የምርምር ጥያቄ አይደሉም። ዝርዝሩ ችግር እንዳለበት የሚታወቀው በሚመጣው ፕሮፖዛል ነው። የጉድጓድ ውኃ ነክተው የማያውቁ መምህር ጋ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮፖዛል ከመጣ፣ ተማሪው አልተሳሳተም፤ ያነበበውን አምኖ ነው የመጣው።

የእኔን ልውሰድ። የምሠራው ጉማራ ወንዝ ላይ ነው፤ ከጉና ተራራ ተነስቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና የሚገባው። ምርምሬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩት፤ “ጉማራ በክረምት ወደ ጣና የሚያስገባውን ደለል እለካለሁ፤ ደለሉ ከታረሰ መሬት ይምጣ ወይስ ከወንዙ ዳርቻ እመረምራለሁ።” ወንዙ አለ፣ ወቅቱ አለ፣ ጥያቄውም አለ።

ማስተማሩን ከዚሁ ጋር አያያዝኩት። ዲፓርትመንት በየሴሚስተሩ የሚያከፋፍለውን ኮርስ ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ “ለቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ሃይድሮሎጂ አስተምራለሁ፤ የወንዝ ፍሰት ልኬት ልምምዱንም በጉማራ መረጃ እናደርጋለን” ብዬ አበቃሁ። ክፍል ውስጥ ያየኝ ተማሪ ቴሲሱን ከየት ሊጀምር እንደሚችል ከዚህ ይገባዋል።

ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለማማከሩ ነው፤ ምክንያቱም የደለል ሥራ ወቅቱ ካለፈ አይሠራም። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ላይ መሬቱ ገና ታርሶ ባዶ ስለሆነ፣ ዝናቡ የላላውን አፈር ጠራርጎ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል። ወደ ክረምቱ መጨረሻ ሰብሉ መሬቱን ይሸፍናል፣ በቀላሉ የሚታጠበውም አፈር አብዛኛው ሄዷል፤ ስለዚህ የወንዙ ከፍታ ያው ሆኖ ደለሉ ያንሳል። ነሐሴ ላይ ናሙና መውሰድ የጀመረ ተማሪ፣ ፍሰትና ደለልን የሚያገናኘውን ቀመር የሚሠራው በዝቅተኛው ቁጥር ብቻ ነው። ከዚያ በዚያ ቀመር የዓመቱን ሲያሰላ ከእውነቱ በታች ይወጣበታል፣ እና ዲፌንስ ላይ ቆሞ የሐምሌን ናሙና ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው፤ ይሄ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ በጣም ከባድ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ጻፍኩ፤ “የደለል ርዕስ የሚፈልግ ተማሪ ፕሮፖዛሉን እስከ ሚያዝያ ያቅርብ። ሥራው ዝናብ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ ናሙና መቅዳት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ማጣራት፣ በ105 ዲግሪ ማድረቅና መመዘን ነው።” ይህን አንብቦ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሥራት የሚፈልገው ሌላ አድቫይዘር ይፈልጋል፤ ለሁለታችንም ይሻላል።

ያማከርናቸውን ተማሪዎች ስንጽፍ ደግሞ ዋና አማካሪ የሆንበትንና ተባባሪ የሆንበትን እንለይ። የተመረቀውንና ገና በሥራ ላይ ያለውንም እንዲሁ። ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነር ሆኖ መቀመጥ ማማከር አይደለም፣ እዚህ ውስጥ አይደመር።

በነገራችን ላይ፣ ስማችሁን የታተሙ ጽሑፎቻችሁ ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስቀምጡት። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በብዙ መንገድ ነው፤ አንዱ ጆርናል ላይ የአባት ስም ሙሉ፣ ሌላው ላይ በመጀመሪያ ፊደል ብቻ ይወጣል። ተማሪው ፈልጎ ግማሹን ሥራ ያጣዋል። የORCID ቁጥር ካላችሁ አያይዙት።

የመጨረሻው ነገር ቀን ነው። ዘንድሮ ስንት ተማሪ እንደምትቀበሉ ጻፉ፣ ሲሞላም “ለ2018 ዓ.ም ሞልቷል” በሉ። ዓመቱ ካልተጻፈ አንባቢው የዘንድሮ ይሁን የሦስት ዓመት በፊት አያውቅም፤ መልስ እየጠበቀ ሚያዝያ ያልፍበታል።