ስህተትን የሚያምን ደብዳቤ እንዴት ይስተካከላል? የአንድ ኮንቴይነር ጉዳይ

[በስክሪኑ ላይ፦ ክፍት ኢሜይል፣ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ገና አልተነካም]

ተራኪ፦
ይህን ኢሜይል የጻፈው የአንድ ትራንዚት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነው እንበል። ደንበኛዋ ከውጭ የዳቦ ምድጃ አስመጥታለች፣ ኮንቴይነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ቆሟል፣ እሷም ተቆጥታ ሁለት ጊዜ ደውላለች። ጉዳዩ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነው፤ ሕጉ ግን እውነተኛ ነው። ኢሜይሉ እንዲህ ይላል፦

[በስክሪኑ ላይ፣ መስመር በመስመር]

«ውድ ደንበኛችን፣ በእኛ ከባድ ቸልተኝነት ኮንቴይነርዎ ሞጆ ላይ 11 ቀን ቆሟል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን የሞላችው ልጅ የቀረጥ ታሪፍ ቁጥሩን ሳታጣራ ነው ያስገባችው። ዳቦ ቤቱን ለአዲስ ዓመት ለመክፈት ማሰብዎን ከመጀመሪያው እያወቅን ይህን ማድረጋችን ያሳፍራል። የደረሰብዎትን ኪሳራ ሁሉ እንሸፍናለን፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይፈጠርም። ይቅርታ ያድርጉልን።»

ተራኪ፦
ከልብ የተጻፈ ነው፤ ደንበኛዋም ስታነበው ንዴቷ ይበርድ ይሆናል። ሥራ አስኪያጁ ግን ሳያስበው ይቅርታ ከመጠየቅ አልፎ የካሣውን መጠን የሚወስኑ ቃላት ጽፏል። አንድ በአንድ እንያቸው።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ከባድ ቸልተኝነት» በቀይ ይከበባል]

ተራኪ፦
በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውል ሳይፈጸም ሲቀር ወይም ሲዘገይ ስለሚከፈለው ካሣ በአንቀጽ 1799 መነሻ ያስቀምጣል። ካሣው እንዲህ ያለ ጉድለት በአብዛኛው የሚያስከትለውን፣ አስተዋይ ሰው ሊገምተው የሚችለውን ጉዳት ያህል ነው። ምድጃ የጫነ ኮንቴይነር ሲዘገይ መጀመሪያ የሚታሰበው የወደብ ኪራይና ዴሜሬጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ በመዘግየቱ የሚከፈለው፣ ነው። ደንበኛዋ ለአዲስ ዓመት ከሆቴል ጋር የተዋዋለችው የዳቦ አቅርቦት ግን ከዚህ ልክ የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው።

ልኩን ከፍ የሚያደርገው አንቀጽ 1801 ነው። ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው፣ ውሉ ሲደረግ ጉዳቱን የሚያከብድ ልዩ ሁኔታ መኖሩ ለተዋዋዩ ከተነገረው ነው። ሁለተኛው፣ ጉድለቱ የመጣው ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ነው። በሁለቱም ካሣው በእውነት የደረሰውን ጉዳት ያህል ይሆናል።

አሁን ኢሜይሉን ደግማችሁ እዩት። «ከባድ ቸልተኝነት» ሁለተኛውን በር ከፍቷል። «ከመጀመሪያው እያወቅን» ደግሞ አንደኛውን። ሰውዬው እንዲህ ያለ የሕግ ክርክር በሐሳቡም አልነበረም፤ ጸጸቱን ማጉላት ነው የፈለገው። የታሪፍ ቁጥር አሳስቶ መጻፍ ከባድ ቸልተኝነት ነው ወይስ ተራ ስህተት የሚለውን የሚወስነው ዳኛ ነው። ጥፋት ሠሪው ራሱ ፍርዱን ቀድሞ ከጻፈው፣ ጠበቃው በኋላ «ኧረ ተራ ስህተት ነበር» ብሎ ቢከራከር ማን ያምነዋል?

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሆነውን ነገር ከፍርዱ መለየት ነው። «የታሪፍ ቁጥሩ ተሳስቶ ገብቷል፤ ያስገባነው እኛ ነን» የሆነው ነገር ነው። ለደንበኛዋም የሚጠቅማት እሱ ነው። «ቸልተኞች ነን»፣ «ውል አፍርሰናል»፣ «ተጠያቂ ነን» የሚሉት ግን የሕግ ድምዳሜዎች ናቸው።

[በስክሪኑ ላይ፦ «የሞላችው ልጅ» ይሰረዛል]

ተራኪ፦
ይህን ብዙ አናብራራውም፤ ሠራተኛን ከፊት አስቀድሞ ማምለጥ ያስነውራል። በሕግም አይጠቅም፤ ድርጅቱ ለሠራተኛው ሥራ ይጠየቃል። ይባስ ብሎ «ማን ይቆጣጠራት ነበር?» የሚል አዲስ ጥያቄ ይጋብዛል።

[በስክሪኑ ላይ፦ «11 ቀን»]

ተራኪ፦
እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አብዛኛው ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው እሱን ነውና። በምሳሌያችን ዲክላራሲዮኑ የገባው ነሐሴ 9 ነው። ጭነቱ ቀይ መስመር ላይ ስለወደቀ የጉምሩክ ባለሙያዎች ኮንቴይነሩን ከፍተው ፈተሹ፤ ይህ እስከ ነሐሴ 13 ወሰደ። የታሪፍ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ፍተሻው አይቀርም ነበር። ስህተቱ የታየው በፍተሻው ላይ ነው፤ ለእርማት የባከነው ከነሐሴ 13 እስከ 20 ያለው 7 ቀን ነው። ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ሳይከፍት በመጻፉ የእሱ ያልሆኑትን 4 ቀናትም ተሸክሟል። ምክንያትና ውጤትን የሚያያይዝ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍ በፊት ሰነዱ በቀን በቀኑ መታየት አለበት። ያልተጣራ ከሆነም «ይህን ገና እያጣራን ነው» ማለት ይቻላል፤ ግምት ግን አይጻፍም።

[በስክሪኑ ላይ፦ «ኪሳራ ሁሉ እንሸፍናለን»]

ተራኪ፦
«ሁሉ» የምትለው ቃል ወለልም ጣሪያም የላትም። ሦስት ነገር ታስከትላለች። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ደንበኛዋ የሆቴሉን ውል፣ የሠራተኞቿን ደመወዝ፣ የባንክ ወለዷን ይዛ ትመጣለች፤ ቃል ስለተገባላት አይፈረድባትም።

ሁለተኛው ይርጋ፣ ማለትም መብትን በክስ ለመጠየቅ ሕጉ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ነው። በአንቀጽ 1851 መሠረት ባለዕዳው ዕዳውን ካመነ የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል። በአንቀጽ 1852 ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ዕዳው በጽሑፍ ከታመነ አዲሱ ዘመን 10 ዓመት ነው። በቁጣ ሰዓት የተላከች አንዲት መስመር እንዲህ ዕድሜ ሊኖራት ይችላል።

ሦስተኛው ኢንሹራንስ ነው፤ በተግባር ብዙ ድርጅት የሚጎዳው በዚህ ይመስለኛል። የኃላፊነት ኢንሹራንስ ውሎች ብዙ ጊዜ ይህን ይላሉ፦ መድን ሰጪው በጽሑፍ ሳይፈቅድ ጥፋትን ማመን፣ ካሣ ማቅረብ ወይም ለመክፈል ቃል መግባት አይቻልም። ይህን የጣሰ ድርጅት ሽፋኑን ሊያጣና ካሣውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ከኢሜይሉ በፊት ለኢንሹራንሱ ይደወላል፤ ፈቃዱም በጽሑፍ ይያዛል።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሁለተኛ ረቂቅ፣ በድርጅቱ አርማ]

«በሂደቱ ላይ ለተፈጠረው መዘግየትና ለደረሰው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ጉዳዩ እየተጣራ ሲሆን ድርጅታችን መብቱን ሁሉ ያስጠብቃል።»

ተራኪ፦
ይህ ደግሞ ከጠበቃ ቢሮ ተመልሶ የመጣው ነው። መዘግየቱ «ተፈጠረ»፤ ማን እንደፈጠረው የለም። ደንበኛዋ ማወቅ የምትፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች፣ ዕቃዬ መቼ ይወጣል፣ ኪራዩን ማን ይከፍላል የሚሉትን፣ አልነካም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጥንቁቅ ይምሰል እንጂ ሰውን ወደ ክስ ይገፋል፤ መረጃ ከፍርድ ቤት በቀር ሌላ ቦታ አላገኝም ብላ ታስባለችና።

[በስክሪኑ ላይ፦ ሦስተኛ ረቂቅ፣ ቀስ ብሎ ይነበብ]

«ውድ ደንበኛችን፣ ነሐሴ 9 ባቀረብነው ዲክላራሲዮን ላይ የምድጃው የታሪፍ ቁጥር ተሳስቶ ገብቷል። ሰነዱን ያዘጋጀነው እኛ ነን፤ ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። ስህተቱ ነሐሴ 13 በፍተሻ ላይ ታይቶ፣ ለእርማት እስከ ነሐሴ 20 ቆይቷል። ኮንቴይነሩ ዛሬ ከሞጆ ወጥቷል። ለእነዚህ 7 ቀናት የተጠየቀውን የወደብ ኪራይ፣ 42,000 ብር፣ በቀጥታ ለወደቡ እኛ እንከፍላለን። ሌላ ወጪ ደርሶብዎት ከሆነ ደረሰኙን ይላኩልን፤ እስከ ነሐሴ 30 አይተን በጽሑፍ እንመልስልዎታለን። ከዛሬ ጀምሮ የታሪፍ ቁጥር በሁለተኛ ሰው ሳይታይ ሰነድ አይገባም።»

ተራኪ፦
ከመጀመሪያው ይልቅ ይህ ኃላፊነት የሚወስድ ነው እላለሁ። «እኛ» የሚለው ቃል በግልጽ አለ። ስህተቱ በስሙ ተጠርቷል። ክፍያው የገንዘብ ልክና የቀናት ልክ አለው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለማየት እንጂ ለመክፈል ቃል አልተገባበትም። «ሁለተኛ አይፈጠርም» የሚለው ማንም ሊጠብቀው የማይችል ቃል ወጥቶ፣ የተደረገው ለውጥ ገብቶበታል። ለውጡ ገና ካልተጀመረ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ስለሚሆን ይውጣ።

ስለ አዲስ ዓመቱ ምንም አለመጻፉንም ልብ በሉ። ቀኑን ነግራቸው ከነበረ እሷ ማስረጃው አላት። ብትጠይቅ «አልነገሩንም» ማለት ክህደት ነው፤ የድሮውን የቴሌግራም መልእክት ማጥፋት ደግሞ ከስህተቱ የከፋ ችግር ነው። ድርጅቱ በራሱ አንደበት ወደ አንቀጽ 1801 እንዳይሄድ ነው እንጂ እውነቱን ለመደበቅ አይደለም። እዚህ መስመር ላይ የሚጠራጠር ሰው ጠበቃውን ይጠይቅ።

[በስክሪኑ ላይ፦ የካሊፎርኒያና የእንግሊዝ ካርታ]

ተራኪ፦
በውጭ አገር ድርጅት ያላችሁ ተመልካቾች የአገሩን ሕግ ማየት አለባችሁ፤ ልዩነቱ ሰፊ ነውና። ካሊፎርኒያ ውስጥ በማስረጃ ሕጉ ክፍል 1160 መሠረት በአደጋ ለተጎዳ ሰው ወይም ለቤተሰቡ የተነገረ የሐዘኔታ ቃል ተጠያቂነትን ለማሳየት አይቀርብም፤ በዚያው ንግግር «ጥፋቱ የእኔ ነው» ካላችሁ ግን ያችኛዋ ትቀርባለች። በእንግሊዝና ዌልስ የ2006ቱ የካሣ ሕግ ይቅርታ ብቻውን ቸልተኝነትን ማመን አይደለም ይላል። በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የማስረጃ ደንብ 408 የዕርቅ ድርድር ላይ የተነገረን ይከላከላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ አከራካሪ ጥያቄ መኖር አለበት። ይህን ጥበቃ ይዞ አዲስ አበባ ውስጥ ደብዳቤ መጻፍ አይቻልም።

[በስክሪኑ ላይ፦ የዕርቅ ውል፣ ሁለት ፊርማ]

ተራኪ፦
ደንበኛዋ ደረሰኟን ልካ ተጨማሪ ገንዘብ ላይ ከተስማማችሁ፣ ስምምነቱ በኢሜይል ሳይሆን በአንቀጽ 3307 የተመለከተው የዕርቅ ውል ሆኖ ይጻፍ፦ የትኛው ኮንቴይነር፣ የትኞቹ ቀናት፣ ስንት ብር፣ በዚህም የትኛው ጥያቄ እንደተዘጋ። ፈራሚው ድርጅቱን የመወከል ሥልጣን ያለው ይሁን።

[በስክሪኑ ላይ፦ የሚጮህ ስልክ]

ተራኪ፦
ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ ደንበኛዋ መደወሏ አይቀርም፤ ጥያቄዋም «የሆቴሉ ውሌስ?» ይሆናል። ስልኩን የሚያነሳው ሰው ኢሜይሉን አንብቦ ይቆይ። መልሱ «ደረሰኝና ውሉን ይላኩልን፤ እስከ ነሐሴ 30 በጽሑፍ መልስ አለዎት» ነው። «አይጨነቁ፣ እሱን ለእኛ ይተዉት» ካላት፣ ከኢሜይሉ የወጣው «ሁሉ» በስልክ ተመልሶ ገባ።