ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ አስቤ ነበር፤ ያ ደብዳቤ ግን አልለቀቀኝም። ባለፈው ላኩት ብዬ የነገርኳችሁ፣ የጀማሪ ቴክኒካል አርቲስቱ ማመልከቻ። አንድ ገጽ ነው። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የሐረጎ መንገድ ትዕይንት በሰከንድ 60 ፍሬም ይሠራል።»

ትዕይንቱ የኮምፒውተር ጨዋታ በሚሠራበት በአንሪል ኢንጂን የሠራሁት፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጭጋጋማ መንገድ ነው፤ 60 ፍሬም ማለት ደግሞ ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሳላል ማለት ነው። ስጽፈው እውነት ነበር። ቁጥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ አጎቴ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወጡ። እሳቸውን ታውቋቸዋላችሁ፤ ያንን መንገድ በአይሱዙ ስንት ዓመት እንደተመላለሱበትም ታውቃላችሁ። ሻይ ጠጥተው ሲያበቁ «እስቲ ያንን መንገድሽን አሳይኝ» አሉኝ። ወንበር አቀረብኩላቸው፣ ትዕይንቱን ከፈትኩ፣ ወደ ፊት የሚያስኬደውን ቁልፍ አሳየኋቸው። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው መታጠፊያው ዳር ነው፤ ቁልቁል ኮምቦልቻ የሚታይበት ቦታ። ፎቶውንም፣ ቪዲዮውንም፣ ያንን 60ንም ያገኘሁት እዚያ ቆሜ ነው። እሳቸው ግን ሾፌር ናቸው፤ ቁልቁል ምን ያደርግላቸዋል? መንገዱን ይዘው ቀጥ ብለው ጭጋጉ ውስጥ ገቡ።

ምስሉ ተንገጫገጨ። አንድ ርምጃ፣ ቆም፣ ሌላ ርምጃ። አጎቴ ጣታቸውን እንደተቃጠለ ሰው ከቁልፉ ላይ አነሱና «ምን አበላሸሁ?» አሉኝ።

እሷን ጥያቄ ነው የማልረሳት። «እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ደግሜ አልኳቸው። እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን አልነኩትም። «አብሽሪ፣ ጭጋግ ውስጥ እኔም ቀስ ነው የምለው» አሉኝ። ያጽናኑኝ ነበር። እኔ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን መንገድ እያየሁ ደብዳቤዬን አስብ ነበር።

ከሄዱ በኋላ ተቀምጬ ይህችን ትእዛዝ ጻፍኩ፦

```
stat unit
```

አንሪል ኢንጂን ላይ አንድ ፍሬም ለመሥራት ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ፣ ጊዜውንም ማን እንደወሰደው ለይታ ታሳያለች። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ አለ ማለት ነው። መታጠፊያው ዳር ስቆም የግራፊክስ ካርዱ 11 ይፈጃል፤ ጭጋጉ ውስጥ ስገባ 31። ከጠቅላላው የፍሬም ጊዜ በቀር ሌሎቹ መስመሮች ንቅንቅ አላሉም። ያ የምኮራበት 60 ደግሞ የስክሪኔ ጣሪያ ነበር፤ 11 ቢፈጅም 16 ቢፈጅም ያው 60 ነው የሚለው። ለካ ስለ ትዕይንቱ ምንም አልነገረኝም።

ምክንያቱን ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ጥርጣሬ ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ይህችን ሞከርኩ፦

```
r.ScreenPercentage 50
```

የምስሉን ወርድና ቁመት በግማሽ ታሳንሳለች፤ የሚሰሉት ነጥቦች ሩብ ይሆናሉ ማለት ነው። 31 የነበረው ወደ 11 ወረደ። የነጥቦቹ ብዛት ሲቀንስ ጊዜው እንዲህ ከወረደ፣ ሸክሙ ያለው በቅርጾቹ ብዛት ሳይሆን ነጥብ በመቀባቱ ላይ ነው። ጭጋጌን የሠራሁት ደግሞ በ24 ስስ ግልጽ ገጾች ነው፤ እንደ ነጠላ የተደራረቡ። ድንጋይ ከድንጋይ ጀርባ ሲደበቅ ማሽኑ የተደበቀውን ይዘለዋል። ነጠላ ግን ከኋላው ያለውን ስለሚያሳይ መዝለል አይቻልም፤ ከኋላ ወደ ፊት ሁሉም ተራ በተራ ይሰላል። ስክሪኔ ወደ 2 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ጭጋጉ ውስጥ ሲገባ ሃያ አራቱም ፊት ለፊት ይሆናሉ፤ ለአንድ ፍሬም ወደ 50 ሚሊዮን ጊዜ መቀባት ነው።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ስህተት ነበር፤ እሱንም ልንገራችሁ። ካሜራው ሲቀርባቸው ገጾቹ እየሳሱ እንዲጠፉ አደረግኩ። ሲታይ አምሮ ነበር። ቁጥሩ ግን ያው 31! ከአንድ ሰዓት በላይ ፈዝዤ ተቀመጥኩ። ለዓይን የጠፋ ነገር ለማሽኑ አልጠፋም፤ ግልጽነቱ ዜሮ የሆነ ገጽም እያንዳንዱ ነጥቡ ይሰላል፣ ከዚያ በኋላ ነው ዜሮ መሆኑ የሚታወቀው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የሳሳው ገጽ አራቱ ማዕዘኖቹ አንድ ነጥብ ላይ እንዲሰበሰቡ አደረግኩ። ስፋት ከሌለው የሚቀባ ነገር የለም። የሩቁን ጭጋግ ደግሞ ኢንጂኑ ራሱ በርቀትና በከፍታ ለሚያሰላው ሰጠሁት፤ እሱ ለአንድ ነጥብ አንዴ ብቻ ነው የሚሰላው። የተቦጫጨቀ ጭጋግ ግን አይሰጥም፤ ጨርቅ ይመስላል። ለመቦጫጨቁ 6 ገጽ አስቀረሁ። አሁን ጭጋጉ ውስጥ 15 ነው።

እዚያው ትዕይንት ላይ ያለውን የቆርቆሮ ጣሪያ አይታችሁት ይሆናል። እሱን ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ዝገቱን የትም እንዲበተን አላደረግኩትም፤ የእናቴን ቤት ጣሪያ ስንት ቀን ቆሜ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ዝገት ከሚስማሩ ቀዳዳ ይጀምራል፤ ከዚያ በቆርቆሮው ሸለቆ ይዞ ቁልቁል ይወርዳል፣ እየወረደ ይሳሳል። ደብዳቤው ላይ ስለሱ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ድንጋዮቹ ከነፃ ስብስብ የተወሰዱ እንደሆኑ፣ ጣሪያውና ጭጋጉ ግን የእኔ እንደሆኑ። አሁን ሳስበው ስለ ጣሪያው ብቻ ብጽፍ ይሻል ነበር… አይ፣ አላውቅም።

እሁድ ማታ ሁለተኛ ደብዳቤ ላክሁ። አጭር ነው። «በመጀመሪያው ደብዳቤዬ 60 ያልኩት ከአንድ ቦታ ብቻ የተለካ ነው። ጭጋጉ ውስጥ የግራፊክስ ጊዜው 31 ሚሊሰከንድ ነበር፤ ምክንያቱ የተደራረቡ ግልጽ ገጾች ነበሩ፤ አሁን 15 ነው። የተለካው በ1920 በ1080፣ በራሴ ኮምፒውተር ነው።» የበፊቱንና የአሁኑን ቪዲዮ ጎን ለጎን አያያዝኩ፤ ቁጥሮቹ ከላይ ይታያሉ። ሲነበብ ከመጀመሪያው ይልቅ የሥራ ደብዳቤ የሚመስለው ይሄ ነው። ግን ማን ጠየቀኝ? የመጀመሪያውን ገና ያልከፈቱት ቢሆንስ? ስህተቴን ነው ቀድሜ ያሳየኋቸው፤ ወይስ ሥራዬን? ሦስት ቀን ሆነው፤ መልስ የለም። አንዳንዴ ደግ አደረግሁ እላለሁ፤ ጠዋት ግን ስነሳ ሆዴ ይባባል።

ትናንት አጎቴ ደወሉ። «ያ መንገድ ተስተካከለ?» አሉኝ። «ተስተካክሏል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «አንድ ነገር ሳልነግርሽ፤ ያኔ ደንግጬ ነው እንጂ…» ብለው ጀመሩ። የሐረጎ ጭጋግ ከላይ አይወርድም አሉኝ። ከገደሉ ሥር ነው የሚነሳው፤ መጀመሪያ ጎማውን ነው የሚሸፍንብሽ፣ መስታወቱ ላይ በኋላ ነው የሚደርሰው።

የእኔ ከላይ ነው የሚወርደው።

አሁን ኮምፒውተሩ ፊቴ ተከፍቷል። ከሥር ላስነሳው ብል ገጾቹ መንገዱን የሚነኩበት ጠርዝ ይታያል፤ እሱን ለማለስለስ ሌላ ስሌት ይጨመራል፣ ምናልባትም ሁለት ሦስት ገጽ። ቁጥሩ እንደገና ይለወጣል። ደብዳቤው ላይ 15 ብያለሁ…

እስቲ አንዱን ገጽ ብቻ ዝቅ አድርጌ ልየው።